ለሰርግ ኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ ሒሳብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከድሬዳዋ ሐረር ለሰርግ ሚኒባስ ይዞ ለጓደኞቹ የክፍያውን መልእክት ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ምሳሌዎቹ ላይ ያሉት ዋጋዎች ሒሳቡን ለማሳየት ብቻ የተመረጡ ናቸው።

ኮንትራት ሲባል ዋጋው ውስጥ ምን ምን ይገባል?

ሹፌሩ «ሐረር ደርሶ መልስ ይሄን ያህል» ሲል እናንተና እሱ የምታስቡት አንድ ላይሆን ይችላል። ለእሱ ደርሶ መልስ ማለት አድርሷችሁ በተባለው ሰዓት መመለስ ነው። ለእናንተ ደግሞ ሰርጉ እስኪያልቅ ቆሞ መጠበቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከሙሽሪት ቤት ወደ አዳራሹ ማድረስ፣ ማታ ደግሞ እያንዳንዱን ሰው ሰፈሩ መጣል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት «የሙሉ ቀን ውሎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ናፍጣው በማን እንደሆነ፣ መኪናው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅና ከዚያ ላለፈ ሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል፣ ሐረር ከተማ ውስጥ መዘዋወር ይጨምር እንደሆነ አረጋግጡ። የሹፌሩ ምሳ ብዙ ጊዜ ከሰርጉ ቤት ነው፤ ረዳት ይዞ ከመጣ ግን ረዳቱ አንድ ወንበር እንደሚይዝ አትርሱ።

በዚህ ገጽ ላይ የምንሠራበት ምሳሌ ይህ ነው፦ የሙሉ ቀን ውሎ 7,200 ብር፣ ናፍጣና የሹፌር ውሎ ውስጡ፣ መኪናው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት የእናንተ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ሐረር ላይ ካስጠበቃችሁት በሰዓት 300 ብር። ቀብድ 2,000 ብር፣ የቀረው 5,200 ድሬ ስትመለሱ። የተስማማችሁበትን ለሹፌሩ በጽሑፍ ላኩለትና «እሺ» ብሎ ይመልስላችሁ። በስልክ የተነገረውን እሁድ ማታ ማንም አያስታውሰውም።

ሒሳቡ የሚካፈለው ለወንበሩ ነው ወይስ ለሚሄደው ሰው?

እሄዳለሁ ብሎ ለተመዘገበው ሰው ነው። ሊብሬው ላይ መኪናው የሚጭነው 12 ሰው ነው ከተባለ 7,200 ሲካፈል ለ12 ለእያንዳንዱ 600 ብር ይደርሳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ አስተባባሪው ቸኩሎ «600 ብር ብቻ!» ብሎ ይለጥፋል፣ የሚመጣው ግን 10 ሰው ይሆናል። 10 ሲባዛ በ600 6,000 ብር ነው፣ 1,200 ብር ይጎድላል። አንዴ 600 የሰማ ሰው ኋላ ላይ 720 ሲባል የተጭበረበረ ይመስለዋል፣ ምንም እንኳ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥር ሳይጠሩ ሰው መመዝገብ ይሻላል። ግድ ዋጋ መጥራት ካስፈለገ ከፍ ያለውን ተናገሩ፦ «ከ8 ሰው በታች ከሆንን መኪናውን አንይዝም፣ 8 ከሆንን 900 ብር ነው፣ ስንበዛ ይቀንሳል»። የወረደ ዋጋ ሲሰማ የሚቆጣ የለም። ምዝገባው የሚዘጋበትን ቀን ለይታችሁ ንገሩ፤ ለእሁድ ሰርግ ረቡዕ ማታ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሰው አንሶ መኪናውን መተው ካስፈለገ ሹፌሩ ሌላ ሥራ ለመያዝ ጊዜ ይኖረዋል፣ ቀብዱንም ለመመለስ ብዙ አያስቸግርም። በጥር፣ ከፋሲካ ወይም ከረመዳን በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ሰርጉ ስለሚደራረብ መኪና ቶሎ ያልቃል፤ ያኔ ምዝገባው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢዘጋ ይመረጣል።

አስተባባሪውም ይከፍላል?

ይከፍላል። እንደማንኛውም ሰው አንድ ወንበር ይዟል። ቡድኑ «ስልክ ሲደውል፣ መኪና ሲፈልግ ስለከረመ እሱን እንተወው» ካለ ጥሩ ነው፣ ግን በግልጽ ይባል፦ ከ10ሩ እሱ ሲወጣ 7,200 ለ9 ሲካፈል 800 ብር ይሆናል። ሳይናገሩ ራስን ከቁጥሩ ማውጣት ግን አንድ ሰው ካልኩሌተር ያወጣ ዕለት የሚያጣላ ነገር ነው።

መልእክቱ ላይ ምን ይጻፍ?

አንባቢው ተመልሶ የሚጠይቀው ነገር እንዳይኖር አድርጋችሁ ጻፉት፦ ጠቅላላው ስንት ነው፣ ለስንት ሰው ተካፈለ፣ ለእኔ ስንት ደረሰኝ፣ እስከ መቼና በምን ልክፈል፣ ብቀርስ? የመነሻና የመመለሻው ሰዓትም እዚያው ይግባ፣ ምክንያቱም ሰዓቱም ገንዘብ ነው። ከዚህ የሚከተለውን የራሳችሁን ቁጥር እያስገባችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

«ሰላም ልጆች፣ የእሁዱን የሐረር ሰርግ መኪና በተመለከተ።

ሚኒባሱ ሙሉ ቀን 7,200 ብር ነው። ናፍጣውም የሹፌሩም ውሎ እዚህ ውስጥ ነው። የተመዘገብነው 10 ሰው ስለሆንን ለአንድ ሰው 720 ብር ይደርሳል። እኔም ከ10ሩ አንዱ ነኝ። በዚህ ላይ ሁላችንም 30 30 ብር ለመጠባበቂያ እንጨምር፤ ጠቅላላ በነፍስ ወከፍ 750 ብር። መጠባበቂያው 300 ብር ይሆናል፣ ከ11 ሰዓት ካለፍን ለአንድ ሰዓት ማስጠበቂያ ነው። ካልተነካ ሰኞ ለየሰዉ እመልሳለሁ።

750ውን እስከ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት በቴሌብር ላኩልኝ። ዓርብ ማታ ያልላከ ሰው ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል።

ከዛሬ በኋላ የሚቀር ሰው በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ከተተካ ገንዘቡ ይመለስለታል፣ ካልተተካ 720ው አይመለስም፤ መኪናው ስንቀንስም ዋጋው ያው ነውና። ለቅሶ ወይም ሕመም ከሆነ ግን እኛው እንችለዋለን።

መነሻ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ለገሀር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት። ከሐረር የምንነሳው ልክ 11 ሰዓት ነው። ስጦታው ለብቻው ነው፣ ከዚህ ጋር አይደባለቅም።»

«ስጦታው ለብቻው ነው» የምትለዋን ሐረግ አትዝለሏት። ለሙሽሮቹ የሚዋጣው ገንዘብና የመኪናው ገንዘብ በአንድ ስልክ ከገባ አንድ ሺህ ብር የላከ ሰው ስንቱ ለየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ቢቻል ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሰብስቡት።

ገንዘቡን ማን ይያዝ፣ መድረሱስ እንዴት ይታወቃል?

አንድ ሰው ብቻ ይያዝ። ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው ከተላከ እሁድ ጠዋት መኪናው ሞቶር አስነስቶ እየጠበቀ ሒሳብ ማስታረቅ ይመጣል። ሰብሳቢው የሚያምነው የላኪውን ስክሪንሾት ሳይሆን ወደ ራሱ ስልክ የገባውን መልእክት ነው፤ ቴሌብር ከሆነ ከ127 የሚመጣው የላኪውን ስምና የግብይት ቁጥሩን ይዞ ይመጣል። ይህን የምንለው ጓደኛን ለመጠርጠር አይደለም። ሰው ቸኩሎ ለተሳሳተ ቁጥር ይልካል፣ ስክሪንሾቱ ደግሞ «ተሳክቷል» ይላል። ለተሳሳተ ሰው ነው የተሳካው።

በእህቱ ወይም በባለቤቱ ስልክ የሚልክ ሰው የራሱን ስም ጽፎ ያሳውቅ። ሰብሳቢው በየማታው የከፈሉትን ስም ግሩፑ ላይ ይለጥፍ። ያልከፈሉትን ስም ግን አይለጥፍ። ዝርዝሩ ላይ ስሙን ያጣ ሰው ራሱ ይገባዋል፣ ካልገባው በውስጥ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ «የሰርጉ 750 አልደረሰኝም፣ ዓርብ ማታ ነው የሚዘጋው፤ ትሄዳለህ አይደል?»

ልጅ ይዘን ብንመጣስ?

በራሱ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፣ ታቅፎ የሚሄድ ሕፃን አይቆጠርም። ሁለት ትንንሽ ልጆች አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡ አንድ ድርሻ ነው። ዕድሜ እየቆጠሩ ግማሽ፣ ሩብ ማለት ሒሳቡን ያበላሻል፤ የሚከራየው ወንበር ነውና።

ልጆቹ በምዝገባው ጊዜ ይነገሩ። ሊብሬው ከሚፈቅደው በላይ ሰው ከተጫነ ትራፊክ ትርፍ ብሎ ይቀጣል። ሹፌሩ ደግሞ ቅጣቱን ከእናንተ ይጠይቃል፤ «አስጠጉ፣ ልጅ ነው» ያላችሁት እናንተ ናችሁና መልስ የላችሁም። ይህ ባይሆን እንኳ የደንገጎን ዳገት ከልክ በላይ ተጭኖ የሚወጣ መኪና ሞቶሩ ይግላል።

ከየቤታችን ቢያነሳን ጭማሪው በማን ነው?

ሹፌሩ ሳቢያን፣ ከዚራ፣ ገንደ ቆሬ እየዞረ ሰው ቢለቅም ጭማሪ ይጠይቃል፣ መብቱም ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳው ጊዜው ነው። በየበሩ 10 ደቂቃ «ጫማ እያሰርኩ ነው» ሲባል 2 ሰዓት ይነሳል የተባለ መኪና 3 ተኩል ላይ ከድሬ ይወጣል። የሐረር መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም መጀመሪያው ዳገት ነው። ከዚያ አለማያና አወዳይ ላይ የገበያው ግርግር አለ፤ ስለዚህ የባከነውን በፍጥነት ማካካስ አይቻልም።

አንድ መነሻ ቦታ ይኑር፣ እዚያ ድረስ ሁሉም በባጃጅ ይምጣ። ጭማሪውን እኔ እከፍላለሁ የሚል ሰው ቢኖርም ቤቱ በመንገዱ ላይ ካልሆነ እምቢ በሉ፤ እሱ የሚከፍለው ለሹፌሩ ነው፣ ለ9ኙ ሰው ጊዜ አይደለም። የተለየ የሚታየው እግር ያመማቸው ሽማግሌ ወይም የወለደች ሴት ካለች ነው። ያኔ ጭማሪው ከመጠባበቂያው ይወጣል። አወዳይ ላይ ለጫት መቆምም እንደዚሁ አስቀድሞ ይነገር፤ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ካልተወሰነ 10 ደቂቃው 40 ይሆናል፣ ሙሽሮቹም ሲገቡ አትደርሱም።

የተመዘገበ ሰው ቅዳሜ ማታ «ቀረሁ» ቢልስ?

ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ይህ ስለሆነ በቁጥር እንየው። 10 ሰው ተመዝግቧል፣ ሁሉም 750 ልኳል። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ገንዘባቸው ተመልሶ ሒሳቡ እንደገና ይሠራ ከተባለ 7,200 ለ8 ሲካፈል 900 ብር ነው። ቀሪዎቹ 8 ሰዎች እያንዳንዳቸው 180 ብር መጨመር አለባቸው፣ ያውም እሁድ ጠዋት፣ ነጭ ለብሰው፣ መኪናው በር ላይ ቆመው። ከዚያ ሌላው «እንግዲህ 900 ከሆነ እኔም በሕዝብ ማመላለሻ እሄዳለሁ» ይላል። 7 ሲሆኑ ደግሞ ከ1,000 ብር ያልፋል። ሰው በቀረ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ዋጋው በወጣ ቁጥር ሰው ይቀራል።

ስለዚህ ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ወንበሩ የተመዘገበው ሰው ነው። ለወንድሙ ሊሰጠው ይችላል፣ ለሌላ ጓደኛ ሊያስተላልፈው ይችላል፣ ባዶውን ሊተወውም ይችላል፤ 720ው ግን ከሒሳቡ አይወጣም። ያልተነካ መጠባበቂያ ካለ 30ው እንደማንኛውም ሰው ይመለስለታል። ሁለት ቀርተው አንድ ተተኪ ብቻ ቢገኝ ቀድሞ ያሳወቀው ይመለስለት። ይህ ሕግ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ የሚቀር ሰው እስከ ቅዳሜ ማታ ሳይደብቅ ሐሙስ ዕለት ይናገራል።

ለቅሶ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐዘን የገጠመውን ሰው 720 ብር ይዞ መቅረት በአገራችን ነውር ነው፣ የታመመም እንደዚሁ። ለአንድ ሰው 720 ለ9 ሲካፈል 80 ብር ይደርሳል። መጠባበቂያው ውስጥ ያለው 300 ብር ከዚህ ላይ ቢቀነስ 420 ይቀራል፣ በነፍስ ወከፍ 47 ብር ገደማ። በመልእክቱ ላይ ቀድሞ ስለተጻፈ ማንም አያንገራግርም። «ሥራ ገባብኝ» ግን ለቅሶ አይደለም።

ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ አንድ ሰው ቢጨመር ለሁላችንም ይቀንሳል?

በወረቀት ላይ አዎ፣ 7,200 ለ11 ሲካፈል 655 ብር ገደማ ይሆናል። በተግባር ግን ለ10 ሰው 65 65 ብር መልሶ መላክ አድካሚ ነው፣ ማግስቱን አንድ ሰው ቢቀር ደግሞ መልሶ መጠየቅ ይመጣል። አዲሱ ሰው ልክ እንደሌላው 750 ይክፈልና ገንዘቡ መጠባበቂያው ውስጥ ይግባ። መጠባበቂያው 1,050 ብር ይሆናል። ሰኞ ሙሉ በሙሉ ካልተነካ ለ11ዱም 95 95 ብር ይመለሳል፣ አዲሱ ሰውም እኩል ይደርሰዋል። ዘግይቶ ስለመጣ ብቻ አብልጦ መክፈል የለበትም።

መመለሻውን ወይም መሄጃውን ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግማሽ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ቅዳሜ ቀድሞ ሐረር የገባ ሰው «ከእናንተ ጋር የምመለሰው ብቻ ስለሆነ 360 እከፍላለሁ» ሲል ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሹፌሩ በሰው አይደለም የሚያስከፍለው፤ ጠዋት ያ ወንበር ባዶውን ሐረር ሄዷል። ለመልስ ሐረር የሚያድርና መሄጃውን ብቻ የሚፈልግ ሌላ ሰው ካለ ሁለቱ አንድ ወንበር ተካፈሉ ማለት ነው፣ እያንዳንዳቸው 360 ይከፍላሉ፣ የሌላው ሰው ሒሳብ አይነካም።

ጥንዱ ካልተገኘ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ሙሉውን መክፈል ነው። ሁለተኛው እንደ ግማሽ ሰው መቁጠር ነው፦ ዘጠኝ ሙሉና አንድ ግማሽ፣ 9.5 ድርሻ። 7,200 ለ9.5 ሲካፈል ሙሉ ተጓዦቹ 758፣ እሱ 379 ይከፍላሉ፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 38 ብር ተሸከሙለት ማለት ነው። ሰውየው ሚዜ ከሆነ ወይም ድንኳን ሊያስተክል፣ ዕቃ ሊያደርስ ቀድሞ ከሄደ 38 ብሩ ይገባዋል። ዘመድ ጥየቃ ብሎ ቀድሞ የሄደ ከሆነ ሙሉውን ይክፈል። የትኛውም ቢሆን የሚወሰነው ምዝገባው ሳይዘጋ ነው። እሁድ ማታ ሐረር ላይ የሚነሳ «እኔ እኮ መመለሻ ብቻ ነኝ» ዘግይቷል።

ሰርጉ ቢረዝምና ሰዓቱ ቢያልፍ ማን ይከፍላል?

መኪናው ለሁሉም ስለሚቆም ሁሉም ይከፍላል። በምሳሌያችን የመጀመሪያዋን ሰዓት መጠባበቂያው ይሸፍናል። ሁለተኛው ሰዓት ሌላ 300 ብር፣ ለ10 ሰው 30 30 ብር ነው። ይህ ብዙ አይደለም፣ ዋናው ቁም ነገር መንገዱ ነው። ከሐረር 11 ሰዓት የተነሳ መኪና የደንገጎን ቁልቁለት ገና ብርሃን እያለ ወይም መምሸት ሲጀምር ይደርሰዋል። 2 ሰዓት ላይ የተነሳ ግን ጠመዝማዛውን በጨለማ፣ አንዳንዴም በጭጋግ፣ ቀኑን ሙሉ ያልተኛ ሹፌር እየነዳው ይወርዳል። «ማታ አልነዳም» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ ጥሩ ሹፌር አግኝታችኋል።

10 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ግማሽ ሰዓት ቀርቷል» ይበል። መቆየት የሚፈልጉት ከግማሽ በታች ከሆኑ መኪናው በሰዓቱ ይነሳ፣ የሚቀሩት አድረው በራሳቸው ይምጡ፤ ለመኪናው የከፈሉት አይመለስም።

ለታላላቆቻችንም ይሄንኑ መልእክት እንላክ?

አይላክም። ድሬ ላይ ሰዉ ሁሉ «አንተ» መባባል ቢወድም፣ «ያልላከ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል» የሚል መልእክት ለሙሽራው አጎት አይሄድም። ለእሳቸው ስልክ ይደወላል፣ ወይም አጠር ያለ ይጻፋል፦ «ጋሼ እንደምን አሉ? ለእሁዱ ሰርግ መኪና ይዘናል፣ ለእርስዎም ወንበር ይዘንልዎታል። ጠዋት 2 ሰዓት ለገሀር ነው፣ ከራቀዎት መጥተን እንወስድዎታለን።» ገንዘብ አይነሳም።

ድርሻቸውን ማን እንደሚችል ግን በውስጥ ይወሰን። አንድ ሽማግሌ ከ10ሩ ውስጥ ካሉ ከፋዩ 9 ነው፣ 7,200 ለ9፣ 800 ብር። ቡድኑ ላይ «ጋሼን እኛ ይዘናቸዋል፣ ስለዚህ ለ9 ነው የተካፈለው» ተብሎ ይጻፍ። እሳቸው ራሳቸው እከፍላለሁ ብለው ኪሳቸው ከገቡ አንዴ እምቢ ይባላል፣ ሁለተኛ ከደገሙ ይቀበሏቸዋል፣ ገንዘቡም ወደ መጠባበቂያው ይገባል።

የሰርጉ ቤት መኪናችንን ለእጀባ ወይም ሰው ለማመላለስ ቢፈልጉትስ?

ይህ በየሰርጉ የሚመጣ ነው፣ እምቢ ለማለትም አይመችም። ጉዞው በሐረር ከተማ ውስጥ አንድ ጊዜ ከሆነ፣ ኮንትራታችሁም የከተማ ዝውውርን የሚጨምር ከሆነ እሺ በሉ። ከዚያ ካለፈ ሹፌሩ ጭማሪውን ለእናንተ ሳይሆን መኪናውን ለጠየቀው ሰው ይንገር። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «መኪናውን ውሰዱት፣ ከሹፌሩ ጋር ግን እናንተ ተነጋገሩ፤ 11 ሰዓት ላይ እዚህ ይፈለጋል።» ሰርጉ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ሚኒባሱ የጠባቦቹን መንገዶች ስለማያልፋቸው የሚቆምበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ሸዋ በር፣ ለሁሉም ንገሩ። ያለበለዚያ መመለሻው ላይ መኪና ፍለጋ ሌላ የማስጠበቂያ ሰዓት ይበላል።

ሹፌሩ መንገድ ላይ ጭማሪ ቢጠይቅ ወይም መኪናው ቢበላሽስ?

የተለመደው ምክንያት ናፍጣ ነው፦ «ማደያ አጥቼ ከጥቁር ገበያ ነው የቀዳሁት፣ 1,500 ጨምሩ።» ናፍጣው ውስጡ ነው ብሎ በጽሑፍ «እሺ» ላለ ሹፌር ያንን ማሳየት ይበቃል። እውነትም ተቸግሮ እንደሆነ የምታውቁት ከመነሳቱ በፊት ከነገራችሁ ነው። ቅዳሜ ደውሎ የነገራችሁን ጭማሪ ተነጋግራችሁ እኩል ልትካፈሉት ትችላላችሁ። ደንገጎ ላይ መኪና አቁሞ የሚጠየቅ ግን ድርድር አይደለም። እዚያ ላይ አትከራከሩ፣ «ድሬ ስንመለስ እንነጋገራለን» በሉት፤ 5,200ው እጃችሁ ላይ ነው። ሙሉውን ቀድሞ የከፈለ ቡድን ይህን ማለት አይችልም።

ብልሽት ሲመጣ ቀድሞ የሚታየው ሙቀቱ ነው። ዳገቱ ላይ የሙቀት መርፌዋ ከወጣች ወይም ከፊት እንፋሎት ከታየ ሹፌሩ ቆሞ ያቀዝቅዘው፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን እንደጋለ እንዳይከፍተው። የግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዝ ሒሳብ አይቀይርም። ጨርሶ ከቆመ ሌላ መኪና ማምጣት የሹፌሩ ነው። እሱ ካልቻለና እናንተ መንገድ ላይ በተገኘ መኪና ለ10 ሰው 1,000 ብር ከፍላችሁ ሐረር ከገባችሁ፣ መኪናው ተሠርቶ ማታ ከመለሳችሁ ከ5,200ው ላይ 1,000 ይቀነስና 4,200 ይከፈለዋል። ማታም ካልመጣ፣ ቀሪውን 5,200 አትክፈሉት፤ ለመመለሻችሁ የወጣው ከዚያው ይሸፈናል። 2,000 ቀብዱ ላይ ድሬ ገብታችሁ ከሹፌሩ ወይም ከመኪናው ባለቤት ጋር ተነጋገሩ፦ ደንገጎ ድረስ ወስዷችኋልና ጥቂት ይገባዋል፣ ሁሉም ግን አይገባውም። የተረፈው ሰኞ ሲመለስ ለ10ሩ እኩል ነው፣ ሐረር ያደሩትም፣ ወንበራቸውን ከፍለው የቀሩትም ሳይቀሩ።